ለፍሪላንስ ተርጓሚዎች፦ ኤንዲኤ ከመፈረም በፊትና ከፈረሙ በኋላ፤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከውጭ ኤጀንሲ ጋር የሚሠራ የአማርኛ ተርጓሚ የመጀመሪያው ፋይል ሳይደርሰው አንድ ሰነድ ይደርሰዋል። ሚስጥር የመጠበቅ ስምምነት ነው፤ በእኛ አነጋገር ኤንዲኤ። ብዙዎቻችን ሥራው እንዳያመልጠን ስንል ወደ መጨረሻው ገጽ ወርደን እንፈርማለን። ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄው የሚመጣው። ከታች ያሉት ከባልደረቦቼ በብዛት የምሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው። ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለሚገለብጡና ለአርታኢዎችም ይሆናሉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ተርጓሚ ውሉን የሚጥሰው ብዙ ጊዜ ወሬ አውርቶ አይደለም። ፋይሉ ሳያውቀው ጉግል ድራይቭ ላይ ይወጣል። አንድ አስቸጋሪ ዐረፍተ ነገር ነፃ የትርጉም ድረ ገጽ ላይ ይለጥፋል። በቴሌግራም ግሩፕ "ይህን እንዴት ትሉታላችሁ?" ብሎ ገጹን ፎቶ አንስቶ ይልካል። ስለዚህ ኤንዲኤ ስታነቡ የሥራ ቀናችሁን ከጎኑ አስቀምጡት። በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ "እኔ በምሠራበት መንገድ ይህን መፈጸም እችላለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ኤንዲኤውን ካልፈረምክ ፋይሉን አናሳይህም አሉኝ። ልክ ነው?

ልክ ነው። ኤጀንሲው ራሱ ከደንበኛው ጋር እንዲህ ያለ ውል ፈርሟል፤ በዚያም ውል ሥራውን የሚነካ ሰው ሁሉ እንዲፈርም ይገደዳል። ስለዚህ ጥያቄው ራሱ አያስከፋም።

መታየት ያለበት ከማን ጋር እንደምትፈርሙ ነው። በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የድርጅቱ ሙሉ ሕጋዊ ስም፣ የምዝገባ ቁጥሩና አድራሻው መኖር አለበት። ስሙ ኢሜይሉ ከመጣበት አድራሻ ጋር መገጣጠም አለበት። በትርጉም ሥራ ውስጥ ሲቪ የሚሰበስቡ አጭበርባሪዎች የታወቁ ናቸው፤ የተርጓሚውን ሲቪ ወስደው ኢሜይሉን ብቻ በራሳቸው ቀይረው በእሱ ስም ሥራ ያመለክታሉ። ሥራ ሳይሰጣችሁ ከኤንዲኤው ጋር የፓስፖርት ኮፒና የባንክ መረጃ የሚጠይቅ ሰው ካለ ቆም በሉ። የድርጅቱን ስልክ ከራሱ ድረ ገጽ ላይ አውጥታችሁ ደውሉና ጻፊው በእርግጥ የእነሱ ሠራተኛ መሆኑን አጣሩ።

ሌላው ግዴታው ወደ አንድ ወገን ብቻ ያጋደለ መሆን አለመሆኑ ነው። የእናንተ ዋጋ፣ ሲቪያችሁና የግል መረጃችሁም ለሌላ ተላልፎ እንዳይሰጥ አንድ መስመር እንዲጨመር መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሰባት ገጽ ነው። ከየት ልጀምር?

"ሚስጥራዊ መረጃ" የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ከሚተረጉመው አንቀጽ። የቀረው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ጥሩ ትርጓሜ ወሰን አለው፦ ለሥራው የተላኩላችሁ ፋይሎች፣ ስለ ደንበኛው የተነገራችሁ ነገር፣ የትርጉሙ ውጤት። መጥፎው "በማንኛውም መንገድ የተገኘ ማንኛውም መረጃ" ይላል። እንዲህ ያለው ትርጓሜ ከጋዜጣ ያነበባችሁትን እንኳ ያካትታል። ስለዚህ ከትርጓሜው በታች ልዩ ሁኔታዎች መኖራቸውን ፈልጉ። የተለመዱት አራት ናቸው። ቀድሞውኑ ሕዝብ የሚያውቀው ነገር ሚስጥር አይደለም። እናንተ ከውሉ በፊት የምታውቁት ሚስጥር አይደለም። የመናገር መብት ካለው ሌላ ሰው ያገኛችሁት ሚስጥር አይደለም። የእነሱን ፋይል ሳትጠቀሙ በራሳችሁ ጥረት የደረሳችሁበትም አይደለም።

ለተርጓሚ ከአራቱ ሁሉ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። ለዓመታት በጤና ጽሑፎች ላይ ሠርታችሁ የራሳችሁ የቃላት ዝርዝር አላችሁ እንበል። ውሉ "በሥራው ወቅት ጥቅም ላይ የዋለ የቃላት ዝርዝር ሁሉ የድርጅቱ ሚስጥራዊ ንብረት ነው" የሚል ከሆነ የራሳችሁን መዝገብ አሳልፋችሁ እየሰጣችሁ ነው። "ተርጓሚው ከውሉ በፊት የነበረው የቃላት ዝርዝርና አጠቃላይ የሙያ ዕውቀቱ የራሱ ሆኖ ይቀጥላል" የሚል ዐረፍተ ነገር እንዲገባ ጠይቁ። አብዛኛው ኤጀንሲ ይህን አይከለክልም።

ፍርድ ቤት ቢያዝዝስ? ይህም መጻፍ አለበት። በሕግ ስትገደዱ፣ ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነ መጀመሪያ ለኤጀንሲው ታሳውቃላችሁ፤ ከዚያ የተጠየቀውን ያህል ብቻ ትሰጣላችሁ።

እስከ መቼ ነው የሚያስረኝ?

ቁጥሩን ብቻ አትዩ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር እዩ። "ከፊርማው ቀን ጀምሮ 3 ዓመት" እና "ግንኙነቱ ካበቃበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት" በጣም ይለያያሉ። ከአንድ ኤጀንሲ ጋር አሥር ዓመት ብትሠሩ ሁለተኛው አሥራ ሦስት ዓመት ይሆናል።

ለተራ የንግድ ሰነድ ከ2 እስከ 5 ዓመት የተለመደ ነው። "ለዘላለም" የሚል ስታዩ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። የታካሚ ስም፣ የጥገኝነት ጠያቂ ቃለ መጠይቅ፣ የተደፈረች ሴት ምስክርነት ከሆነ ግን የጊዜ ገደብ መጠየቅ ራሱ አግባብ አይመስለኝም። እነዚህ ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላም ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የምመክረው መለየትን ነው፦ የንግድ መረጃ ገደብ ይኑረው፣ የሰዎች የግል መረጃ አይኑረው።

መቀጫው ከክፍያዬ ይበልጣል። ይህን ፈርሜ እንቅልፍ ይወስደኛል?

ይህ ሰፋ አድርገን የምናየው ነው። ከሚያጋጥሙን ውሎች ያውጣጣሁት አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

አዲስ አበባ የምትሠራ ተርጓሚ አለች። አንድ የጀርመን ኤጀንሲ 4,000 ቃል ያለው የጤና ጥናት ቃለ መጠይቅ ሊሰጣት ነው። ዋጋው በቃል 0.06 ዩሮ ነው፤ በጠቅላላው 240 ዩሮ። ኤንዲኤው እንዲህ ይላል፦ "ተርጓሚዋ ለእያንዳንዱ ጥሰት፣ ጥፋት ኖራትም አልኖራትም፣ 25,000 ዩሮ ትከፍላለች፤ ድርጅቱ ከዚህ በላይ የደረሰበትን ጉዳት የመጠየቅ መብቱ የተጠበቀ ነው።"

ሒሳቡን እንሥራው። 25,000 ለ240 ሲካፈል ከመቶ በላይ ይመጣል። አንድ ጥሰት መቶ አራት ሥራ ይበላል ማለት ነው። ግን የሚያስፈራው ቁጥሩ ብቻ አይደለም። አንቀጹ ውስጥ ሦስት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው "ጥፋት ኖራትም አልኖራትም" የሚለው ነው። ላፕቶፕዋ ከታክሲ ውስጥ ቢሰረቅ፣ ፋይሉም በጠንካራ የይለፍ ቃል የተቆለፈ ቢሆን፣ በዚህ አነጋገር አሁንም ተጠያቂ ናት። ሁለተኛው "ለእያንዳንዱ ጥሰት" ነው። አንድ አቃፊ በስህተት ለሌላ ሰው ቢላክና አሥር ፋይል ቢኖርበት አንድ ጥሰት ነው ወይስ አሥር? ውሉ ዝም ካለ ተከራካሪው አሥር ይላል። ሦስተኛው መቀጫው ጣሪያ አለመሆኑ ነው። ከ25,000ው በላይም ሊጠየቅ ይችላል።

"በእኛ ሕግ እኮ ጉዳት ካልደረሰ መቀጫ የለም" የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። አትቀበሉት። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተዋዋዮች መቀጫን አስቀድመው በውል መወሰን ይችላሉ፤ ጉዳዩ ከአንቀጽ 1889 ጀምሮ ይገኛል። የተወሰነው መቀጫ ትክክለኛ ጉዳት ባይደርስም ሊጠየቅ ይችላል። በአንቀጽ 1731 መሠረት ደግሞ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል። የፈረማችሁት ቁጥር ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም።

ታዲያ ተርጓሚዋ ምን ትጠይቅ? ሦስት ለውጥ ይበቃታል። "ጥፋት ኖራትም አልኖራትም" የሚለው "ሆን ብላ ወይም በከባድ ቸልተኝነት" በሚለው ይተካ። ከአንድ ምክንያት የመጡ ጥሰቶች እንደ አንድ ይቆጠሩ። ጠቅላላ ተጠያቂነቷ ጣሪያ ይኑረው፤ ለምሳሌ ባለፉት 12 ወራት ከኤጀንሲው የተከፈላት ገንዘብ። ኤጀንሲው ሦስቱንም ላይቀበል ይችላል። የመጀመሪያውን ብቻ ከተቀበለ እንኳ የላፕቶፑ ስርቆት ከትከሻዋ ይወርዳል። አንዱንም ካልተቀበለ፣ ለ240 ዩሮ ብላ ያንን አንቀጽ እንድትፈርም እኔ አልመክራትም።

እንዲቀየር ብጠይቅ ሥራውን አይነጥቁኝም?

እኛ ዘንድ የተላከልንን ውል "አስተካክሉልኝ" ማለት እንደ ድፍረት ይታያል። ኤጀንሲዎቹ ግን ይህን ለምደውታል። የሚያበሳጫቸው "ውሉ አይመቸኝም" የሚል ደረቅ መልስ ነው። የሚሠራው የአንቀጹን ቁጥር ጠቅሶ፣ ምትኩን ጽፎ፣ ምክንያቱን በአንድ መስመር አስረድቶ መላክ ነው። ለምሳሌ፦

"ውሉን አንብቤዋለሁ፤ ከአንቀጽ 6 በስተቀር እስማማበታለሁ። በአንቀጽ 6 ላይ 'ጥፋት ኖራትም አልኖራትም' የሚለው 'ሆን ብላ ወይም በከባድ ቸልተኝነት' ተብሎ እንዲቀየር እጠይቃለሁ። ምክንያቱም በእኔ ቁጥጥር ሥር ላልሆነ ነገር መድን የለኝም። ይህ ከተስተካከለ ዛሬውኑ ፈርሜ እልካለሁ።"

መልሱ ከፕሮጀክት አስተባባሪው ሳይሆን ከሕግ ክፍላቸው ስለሚመጣ ሁለት ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል። በስልክ ወይም በቻት "ችግር የለም፣ እሱን አንጠቀምበትም" ቢሏችሁ ግን አትቀበሉ። የማይጠቀሙበት ከሆነ ማውጣቱ አይከብዳቸውም። ለውጡ በራሱ በሰነዱ ላይ ይግባ፤ ሁለቱም ወገን የፈረሙበትን ቅጂም አስቀምጡ። እናንተ ፈርማችሁ ልካችሁ የእነሱ ፊርማ ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ጠይቃችሁ ተቀበሉ።

ኤንዲኤው ስለ ሚስጥር ብቻ አይደለም የሚያወራው። ይህ ምን አገባው?

ጥሩ አድርጋችሁ አይታችኋል። በብዙ ኤንዲኤ ውስጥ "ደንበኞቻችንን አታግኝ" የሚል አንቀጽ ይገባል። በራሱ ነውር የለበትም። ኤጀንሲው ያስተዋወቃችሁን ደንበኛ በጓሮ በር መውሰድ ልክ አይደለም። ችግሩ ስፋቱ ነው። "የድርጅቱን ማንኛውንም ደንበኛ" ካለ፣ ደንበኞቻቸው እነማን እንደሆኑ እናንተ በምን ታውቃላችሁ? ትልልቅ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅቶች በአንድ ጊዜ ከብዙ ኤጀንሲዎች ጋር ይሠራሉ። ከዚህ ቀደም በቀጥታ የምትሠሩለት ድርጅት በሌላ ክፍሉ የእነሱ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። "በዚህ ውል ሥር ሥራቸውን የሠራሁላቸው ደንበኞች" ተብሎ ይጥበብ፣ ከ12 ወር አይብለጥ፣ ከውሉ በፊት የነበሩኝ ደንበኞች አይነኩ በሉ።

በውጭ አገር ሕግ ይገዛል ይላል። እኔን አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ይከሱኛል?

ለትንሽ ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይመጡም። ግን "አይደርሱብኝም" ብላችሁ አትፈርሙ። ኢትዮጵያ የኒው ዮርክ ኮንቬንሽን የሚባለውን የውጭ አገር የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃለች። ስለዚህ ውሉ "ክርክር በበርሊን በግልግል ይታያል" ካለና ቢፈረድባችሁ፣ ውሳኔው እዚህ እንዲፈጸም ሊጠየቅ ይችላል። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ለምትኖሩማ ነገሩ ከዚህም ቅርብ ነው። የተስማማችሁበትን ገንዘብ ያልከፈላችሁን ኤጀንሲ እናንተ ለመክሰስ ስትፈልጉም ይኸው አንቀጽ ይመለከታችኋል። ወጪው ከሥራው ዋጋ እንደሚበልጥ አስቡ።

ፈረምኩ። ፋይሉም መጣ። የመጀመሪያው ሥራ ምንድን ነው?

ፋይሉ የት እንዳለ ማወቅ። ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም።

አሁን ባሉት ዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ ዴስክቶፕና ዶክዩመንትስ አቃፊዎች ብዙ ጊዜ ከዋንድራይቭ ጋር ተያይዘው ይመጣሉ። ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁት ፋይል እናንተ ሳታዙት ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨር ይሄዳል። በፋይሉ ስም አጠገብ ትንሽ የደመና ምልክት ወይም አረንጓዴ የትክክል ምልክት ካያችሁ ተጭኗል ማለት ነው። ኤንዲኤው "ፋይሉ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ በሦስተኛ ወገን ሰርቨር ላይ አይቀመጥም" ካለ የመጀመሪያውን ቃል ሳትተረጉሙ ውሉን ጥሳችኋል። ስለዚህ ከዋንድራይቭም ከጉግል ድራይቭም ውጭ የሆነ አቃፊ አዘጋጁ፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ። ዲስኩን ቆልፉት። ዊንዶውስ ፕሮ ያላችሁ ቢትሎከርን ተጠቀሙ፤ የሌላችሁ ቬራክሪፕት የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም።

ቴሌግራምን በሚመለከት አቋሜ ጠንካራ ነው። ፋይሉን ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ለማሻገር ወደ ሴቭድ ሜሴጅስ መላክ ሁላችንም ለምደነዋል። ያ ፋይል ግን በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ይቀራል፤ አካውንታችሁ በተከፈተበት ስልክና ታብሌት ሁሉ ላይም ይታያል። ልጆች ጌም የሚጫወቱበት ታብሌት ላይም ጭምር። የደንበኛ ፋይል በዚያ መንገድ አይሂድ።

አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ በነፃ የትርጉም ድረ ገጽ ባይ ምን ችግር አለው?

በ2017 (እ.ኤ.አ.) የኖርዌይ ብሮድካስት ድርጅት ኤንአርኬ አንድ ነገር ይፋ አደረገ። የነዳጅ ኩባንያው ስታትኦይል ሠራተኞች Translate.com በሚባል ነፃ ድረ ገጽ ላይ የተረጎሟቸው ጽሑፎች በጉግል ፍለጋ ሲገኙ ታዩ። ከመካከላቸው የሥራ ስንብት ደብዳቤዎችና ውሎች ነበሩ። ማንም ሰብሮ አልገባም። ድረ ገጹ የተለጠፈለትን አስቀምጦ ነበር፤ የፍለጋ ሞተሩ ደግሞ አገኘው። ጽሑፉን የለጠፉት ሠራተኞች ሚስጥር አወጣን ብለው አላሰቡም። የፈለጉት ትርጉም ብቻ ነበር።

ስለዚህ ውሉ በግልጽ ካልፈቀደ አትለጥፉ። ቃሉን ለብቻው በመዝገበ ቃላት መፈለግ ሚስጥር አያወጣም። ችግሩ ሙሉው ዐረፍተ ነገር ከነስሙ፣ ከነቁጥሩ ሲሄድ ነው። በብሮውዘራችሁ ላይ የተጫኑ የፊደል ማረሚያና የትርጉም ማሟያዎችንም እዩ። የምትጽፉትን ወደ ራሳቸው ሰርቨር የሚልኩ አሉ፤ ለዚያ ሥራ ዝጉዋቸው።

ከባልደረባ ምክር መጠየቅስ ተከልክያለሁ?

መጠየቅ አልተከለከለም። አጠያየቁ ነው የሚለያየው። ከላይ ያለው የጤና ጥናት ውስጥ የመጣ አንድ የሕክምና ቃል አስቸገራችሁ እንበል። "በዚህ ወረዳ የሚካሄድ የእንትን ድርጅት ጥናት ላይ እንዲህ ይላል" ብሎ ፎቶ መላክ ጥሰት ነው። "በሕክምና ጽሑፍ፣ ለተራ አንባቢ፣ ይህን ቃል እንዴት ትሉታላችሁ?" ማለት ግን ማንንም አያጋልጥም። ዐረፍተ ነገሩ ካስፈለገ ተመሳሳይ አወቃቀር ያለው ሌላ ዐረፍተ ነገር ራሳችሁ ጻፉ።

ሥራውን ለሌላ ሰው ማካፈል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀነ ገደቡ ሲያጣብብ ግማሹን ለጓደኛ መስጠት በመካከላችን የተለመደ ነው። አብዛኛው ኤንዲኤ ይህን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ይከለክላል፤ ከፈቀደም ጓደኛችሁ ያንኑ ግዴታ እንዲፈርም ይጠይቃል። ለአስተባባሪው ቀድማችሁ ጻፉለት። "ቀኑን ያራዝሙልኝ ወይም አንድ ሰው ልጨምር ፍቀዱልኝ" ሲባል ብዙ ጊዜ ቀኑን ያራዝማሉ።

ሲቪዬ ላይ የሠራሁላቸውን ድርጅቶች መጻፍ እችላለሁ?

ውሉ የደንበኛውን ማንነት ሚስጥር ካደረገ አትችሉም። ግን ሥራችሁን የምትገልጹበት ሌላ መንገድ አለ፦ "ለአንድ ዓለም አቀፍ የጤና ድርጅት የመስክ ጥናት ቃለ መጠይቆች፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ወደ 40,000 ቃል"። ሥራ የሚሰጣችሁ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ዘርፉን፣ መጠኑንና የቋንቋውን አቅጣጫ ነው። የኤጀንሲውን ስም ለመጥቀስ ራሱን ኤጀንሲውን አስፈቅዱ።

የሥራ ናሙና ሲጠየቅ የደንበኛን ገጽ ስም አጥፍቶ መላክ አይበቃም። ቦታውና ቀኑ ተደምረው ማን እንደሆነ ይናገራሉ። በይፋ የታተመ አንድ ገጽ ወስዳችሁ ለናሙና ብላችሁ ተርጉሙ፤ ያ የእናንተ ነው።

ሥራው አለቀ። "ሁሉንም ቅጂ አጥፍተህ ማረጋገጫ ላክ" አሉኝ። ከየት ከየት ነው የማጠፋው?

ብዙዎች አቃፊውን ሰርዘው ማረጋገጫውን ይፈርማሉ። ፋይሉ ግን ገና ብዙ ቦታ አለ። ዳውንሎድስ ውስጥ አለ። ከኢሜይሉ ጋር ተያይዞ አለ፤ እናንተ የላካችሁት ደግሞ በተላኩ መልእክቶች ውስጥ። ሪሳይክል ቢን ውስጥ አለ። ወርድ በራሱ ያስቀመጠው ቅጂ አለ። ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ከነበረ እዚያም አለ። በትራዶስ የሠራችሁ ከሆነ ከኤጀንሲው የመጣው የ`.sdlppx` ጥቅል አለ፤ የመለሳችሁት `.sdlrpx`ም አለ።

ከሁሉም የሚረሳው የትርጉም ማህደሩ ነው፤ በትራዶስ የ`.sdltm` ፋይል። የተረጎማችሁት እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከነምንጩ እዚያ ተቀምጧል። ለሁሉም ደንበኛ አንድ ትልቅ ማህደር የምትጠቀሙ ከሆነ የአንዱ ሚስጥር ለሌላው ስትሠሩ ብቅ ይላል፤ ለማጥፋት ስትፈልጉም ከቀረው ጋር ተደባልቋል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ ማህደር ከመጀመሪያው ከከፈታችሁ ማጥፋቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ደረሰኛችሁን፣ የተስማማችሁበትን ኢሜይልና ውሉን ግን አታጥፉ። ለግብርም ለክርክርም ያስፈልጋሉ። ይህን ከመፈረማችሁ በፊት በውሉ ውስጥ አስገቡት፦ "ለሒሳብና ለሕግ የሚያስፈልጉ ሰነዶች ይቀመጣሉ።" ማረጋገጫ ስትጽፉም "ሁሉንም አጥፍቻለሁ" አትበሉ። የትኛውን ፋይል፣ ከየት፣ በየትኛው ቀን እንዳጠፋችሁና ምን እንዳስቀራችሁ ዘርዝሩ። ደረቅ ዲስክ ላይ የመጠባበቂያ ቅጂ ካላችሁ እሱም መቼ እንደሚጠፋ ጻፉ። ያልተደረገን ነገር ተደርጓል ብሎ መፈረም ከመጀመሪያው ጥሰት የከፋ ነው።

ላፕቶፔ ተሰረቀ፤ ወይም ፋይሉን ለተሳሳተ ሰው ላክሁ። ዝም ብል ማን ያውቃል?

ዝም አትበሉ። በዚያው ቀን ጻፉ።

ምክንያቱ ሥነ ምግባር ብቻ አይደለም። ፋይሉ ውስጥ በአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ የሚጠበቅ የሰዎች የግል መረጃ ካለ፣ የመረጃው ባለቤት ድርጅት ጥሰቱን ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ሊኖርበት ይችላል። እናንተ ሦስት ቀን ስትፈሩ ብትቆዩ እነሱ የሚያስተካክሉበትን ጊዜ ትበላላችሁ። እኛም አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ ስለዚህ ጉዳዩ የፈረንጆች ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ደብዳቤው ረጅም ይቅርታ አያስፈልገውም። የሚፈልጉት ይህን ነው፦ ምን ሆነ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኞቹ ፋይሎች፣ የስንት ሰው ስም አለባቸው፣ ዲስኩ ተቆልፎ ነበር ወይስ አልነበረም፣ እስካሁን ምን አደረጋችሁ። ለተሳሳተ ሰው ከላካችሁ ሰውየው ሳይከፍተው እንዲሰርዘውና መሰረዙን በጽሑፍ እንዲመልስላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ከደብዳቤው ጋር አያይዙ። ላፕቶፑ ከተሰረቀ ለፖሊስ አመልክታችሁ ማስረጃ ውሰዱ፤ የኢሜይልና የቴሌግራም የይለፍ ቃላችሁን ከሌላ መሣሪያ ቀይሩ፤ ተከፍተው የቀሩትን አካውንቶች ከርቀት ዝጉ። "የስንት ሰው ስም አለበት" ለሚለው መልስ እንዲኖራችሁ ደግሞ ሥራውን ስትቀበሉ በአንድ ወረቀት ላይ መዝግቡ፦ የፋይሉ ስም፣ የመጣበት ቀን፣ ምን ዓይነት መረጃ እንዳለበት። ላፕቶፑ ከሄደ በኋላ ይህን ከጭንቅላት ማውጣት አይቻልም።